ለማስረከብ አንድ ሌሊት ሲቀር «ፎርማት አድርገኝ» ያለው ፍላሽ

ጥያቄ፦ ሀዋሳ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ቴሲሴን የምጽፈው ፍላሽ ላይ ነው። የራሴ ላፕቶፕ ስለሌለኝ አንዴ ላይብረሪ፣ አንዴ እህቴ ቤት እየሰካሁ እሰራለሁ። አንድ ልጅ ሊያስረክብ አንድ ቀን ሲቀረው ፍላሹ ተበላሽቶበት ጉድ ሆነ ሲባል ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። እኔን ቢገጥመኝ መጀመሪያ ምን ላድርግ? ከወዲሁስ ባክአፕ እንዴት ብይዝ ይሻላል? ባለሙያ ካላችሁ እባካችሁ አስረዱኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ፍላሹ እምቢ ያለ ሰዓት መጀመሪያ የምታደርጊው ነቅለሽ ማስቀመጥ ነው። ቀጥሎ ፍለጋውን ከፍላሹ ሳይሆን ፋይሉን ከከፈትሽባቸው ኮምፒውተሮች ጀምሪ። ለምን እንዲህ እንደምልሽ በእጄ ያለፈ አንድ ጉዳይ ያሳይልኛል፤ የባክአፑንም ነገር ከእሱ ተነስቼ ልንገርሽ። ያ ልጅም እንደ አንቺ የራሱ ላፕቶፕ አልነበረውም።

ልጁ የሚያጠናው በሐይቁ አሳ አስጋሪዎች ገቢ ላይ ነበር። መጠይቁን አስሞልቶ፣ መረጃውን ኤስፒኤስኤስ ውስጥ አስገብቶ፣ አማካሪው የመጨረሻ እርማት ሰጥቶት፣ በማግስቱ ጠዋት 4 ሰዓት ታትሞና ተጠርዞ ሊያስረክብ ነው። ማታ አቶቴ ሰፈር ጓደኛው ቤት ዴስክቶፕ ላይ ፍላሹን ሰክቶ እርማቱን ሲያስገባ ቆየና ልክ ሴቭ ሲያደርግ መብራት ሄደ። መብራት ተመልሶ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የወጣው መልእክት ይህ ነበር፦

```
You need to format the disk in drive E: before you can use it.
```

ጓደኛው ቅን ልጅ ነው፤ «ፎርማት አድርገውና በሪከቨሪ ሶፍትዌር እናወጣዋለን» አለው። ልጁ ግን Cancel ብሎ፣ ፍላሹን ነቅሎ በባጃጅ ወደ እኔ መጣ። ከዚያ ሌሊት ውሳኔዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። የፎርማት መስኮት ላይ Quick Format የሚለው ምልክት ከተደረገበት ዊንዶውስ ማውጫውን ብቻ ነው አዲስ የሚያደርገው፣ ጽሑፉ ራሱ በአብዛኛው ከስር ይቀራል። ምልክቱ ከተነሳ ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ያሉት ሁሉ ፍላሹን ከዳር እስከ ዳር ዜሮ ይጽፉበታል፣ ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አያወጣም። ፈጣኑም ቢሆን አዲሱን ማውጫ የሚጽፈው አሮጌው በነበረበት ቦታ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጽሑፉ ቢገኝ እንኳ የፋይሎቹን ስምና ፎልደር ልታጪ ትችያለሽ። በጭንቀት ሰዓት የትኛው ምልክት እንዳለ አይቶ የሚጫን ሰው ደግሞ ብዙ አላየሁም።

ፍላሹን ገና ሳልሰካ የጠየቅኩት «መጨረሻ የከፈትከው የት ነው? ያ ኮምፒውተር አሁን ምን እያደረገ ነው?» ብዬ ነበር። ወርድ አንድ ፋይል ተከፍቶ ሲሰራበት፣ ካልተቀየረ በስተቀር በየ10 ደቂቃው ለራሱ መጠባበቂያ ያስቀምጣል። የሚያስቀምጠው ግን ፍላሹ ላይ አይደለም፣ የኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ነው። ፋይሉ በደንብ ሴቭ ሲደረግ ወይም በሥርዓት ሲዘጋ ወርድ ይህን መጠባበቂያ ያጠፋዋል። መብራት ሲሄድ ግን ሴቩም አላለቀም፣ ፋይሉም በሥርዓት አልተዘጋም፣ ስለዚህ መጠባበቂያው እዚያው ይቀራል። ፍላሹን የገደለው የመብራት መቋረጥ ጽሑፉን ጓደኛው ኮምፒውተር ላይ አስቀርቶት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ወዲያው ጓደኛው ጋ ደወልን። ያልኩት አንድ ነገር ነው፤ ወርድን እንዳትከፍት። ወርድ ሲነሳ የተረፈውን ፋይል በግራ በኩል ዘርዝሮ ያቀርባል፣ ሰው ደግሞ ሳያነበው ይዘጋዋል፣ «አያስፈልገኝም» የሚለውን ይመርጥና ያኔ ይጠፋል። መጀመሪያ ፋይሉን ባለበት ኮፒ አድርጎ ማውጣት ነው። ጓደኛው የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና R አንድ ላይ ተጭኖ ይህን ጻፈ፦

```
%AppData%\Microsoft\Word
```

የተከፈተው ፎልደር ውስጥ `AutoRecovery save of thesis_final_last.asd` የሚል ፋይል ነበር፤ ሰዓቱ ከምሽቱ 2:24 ይላል። መብራት የሄደው 2:31 አካባቢ ነው። በቴሌግራም ላከልን። እኔ ጋ በወርድ File ከዚያ Open ብለን፣ የፋይል ዓይነቱን All Files አድርገን ስንከፍተው ቴሲሱ ወጣ፤ ያስገባው እርማት ከመጨረሻዎቹ ጥቂት አንቀጾች በቀር ሁሉ ነበረበት። ወዲያው በሌላ ስም docx አድርገን አስቀመጥነው። ልጁ ያኔ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እስከዚያ ቆሞ ነበር።

ነገር ግን ሥራው አላለቀም። የኤስፒኤስኤስ ፋይሉና ተቀጽላው ላይ የሚገባው መጠይቅ ያሉት ፍላሹ ላይ ብቻ ነበር። ኮምፒውተሩ ውስጥ መጠባበቂያ የሚኖረው ተከፍቶ ሲሰራበት ለነበረ ፋይል ነው እንጂ ፎልደሩ ውስጥ ለተቀመጠ ሁሉ አይደለም።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አለ፤ ሲጻፍ የነበረው አንድ ፋይል ሆኖ ሳለ ፍላሹ በሙሉ ለምን ጠፋ? ፍላሽ ውስጥ ያለው ሜሞሪ ቺፕ በነበረበት ላይ ደርቦ መጻፍ አይችልም። መጀመሪያ መጠረግ አለበት፣ የሚጠረገው ደግሞ በትልልቅ ብሎክ ነው። አንድ ቃል ለማረም ሙሉውን ጥቁር ሰሌዳ ጠርጎ የቀረውን እንደገና እንደሚገለብጥ መምህር አስቢው። ፍላሹ ውስጥ ያለችው ትንሽ መቆጣጠሪያ ይህን ስታደርግ እኛ አናይም። ኤሌክትሪኩ በመሀል ከተቋረጠ የሚጎዳው እየተጻፈ ያለው ፋይል ብቻ ሳይሆን በዚያው ብሎክ የነበሩ ጎረቤቶቹም ናቸው። ከጎረቤቶቹ መካከል የፍላሹ የመጀመሪያ ገጽ፣ ማለትም «እኔ FAT32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት የተሠራሁ ነኝ፣ ማውጫዬ እዚህ ነው» የሚለው ቡት ሴክተር ካለ፣ ዊንዶውስ ውስጡ ያለውን ማንበብ ያቅተውና ፎርማት ይጠይቃል። ፋይሎቹ ግን አብዛኞቹ ካሉበት አልተነቃነቁም። ዴስክቶፕ ላይ ፍላሽን Eject ሳይሉ መንቀልም ይህንኑ አደጋ ነው የሚጋብዘው።

ጉዳቱ ይህ ዓይነት መሆኑን ለማወቅ የዊንዶውስን የዲስክ ማስተዳደሪያ `diskmgmt.msc` ብለን ከፈትን። እዚያ ፍላሹ በትክክለኛ መጠኑ ከታየና RAW ከተባለ ተስፋ አለ፤ የተበላሸው ማውጫው ነው። No Media ካለ ወይም መጠኑን ዜሮ ካሳየ መቆጣጠሪያዋ ራሷ ሞታለች ማለት ነው፣ ሶፍትዌር የሚያነበው ነገር የለም። ጭራሽ ካልታየ ደግሞ ሌላ ቀዳዳና ሌላ ኮምፒውተር መሞከር፣ የዩኤስቢው ጫፍ መላላቱንም ማየት ነው። የልጁ 16 ጊጋ ፍላሽ በ14 ጊጋ ተኩል አካባቢ RAW ብሎ ታየ፤ 16 ተብሎ የተሸጠ እንዲህ ሆኖ መታየቱ የአቆጣጠር ልዩነት ነው፣ ጉድለት አይደለም።

ከዚያ በኋላ ፍላሹ ላይ ምንም አልጻፍንም። ሊኑክስ ባለበት ማሽን ሙሉ ምስሉን፣ ማለትም የፍላሹን ሁሉ ቅጂ በአንድ ፋይል አንስተን የሠራነው ምስሉ ላይ ነው፦

```
lsblk
sudo ddrescue -d -r3 /dev/sdb flash.img flash.map
sudo testdisk flash.img
```

የመጀመሪያው መስመር የተሰኩትን ዲስኮች ከነመጠናቸው ይዘረዝራል። `sdb` ያልኩት እኔ ጋ ፍላሹ በዚያ ስም ስለታየ ነው፤ ሌላ ማሽን ላይ ስሙ ሌላ ሊሆን ስለሚችል በመጠኑ አረጋግጦ መጻፍ ይገባል። ሁለተኛው ፍላሹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነባል፤ ማንበብ ያቃተውን ቦታ መዝግቦ ያልፍና በመጨረሻ ሦስት ጊዜ ይደግመዋል። በመካከለኛ ፍጥነት የሚነበብ 16 ጊጋ ፍላሽ ሩብ ሰዓት አካባቢ ይወስዳል። የምስሉ ጥቅም ብንሳሳት እንኳ እንደገና መጀመር መቻላችን ነው። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ `chkdsk /f` ፍላሹ ላይ ያስኬዳል። RAW የተባለውን አልሠራም ይላል፤ ማውጫው በከፊል የሚነበብ ከሆነ ግን እዚያው ላይ «ያስተካክለዋል»፣ ያልገባውን ቁራጭ `FILE0000.CHK` እያለ ይሰበስባል፣ ከተሳሳተ መመለሻ የለውም።

FAT32 ደግነቱ የቡት ሴክተሩን ቅጂ ከራሱ ትንሽ ራቅ አድርጎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሴክተር 6 ላይ ያስቀምጣል። ሦስተኛው መስመር በሚከፍተው በ`TestDisk` ውስጥ Advanced ከዚያ Boot ስንል፣ ዋናው Bad፣ ቅጂው OK ሆኖ ታየ። Backup BS የሚለውን መርጠን ቅጂውን በዋናው ቦታ ተካነው፣ ይህም ምስሉ ላይ ነው እንጂ ፍላሹ ላይ አይደለም። ከዚያ List ስንል ፎልደሮቹ ከነስማቸው ተዘረዘሩ። የኤስፒኤስኤሱ `.sav` ፋይልና መጠይቁ ምንም አልሆኑም፤ ማንም ሲጽፍባቸው አልነበረምና። ቴሲሱ ራሱ በስሙ አልነበረም። በቦታው `~WRL0001.tmp` የሚባል ፋይል ነበር። ወርድ ሴቭ ሲያደርግ አዲሱን በሌላ ስም ይጽፍና የድሮውን እንዲህ ብሎ ለጊዜው ይሰይመዋል፤ መብራቱ የሄደው በዚያች ቅጽበት ነው። ኮፒ አድርገን ስሙን `.docx` ብለን ስንቀይረው ከሰዓት በኋላ የነበረው ቴሲስ ሙሉ ሆኖ ተከፈተ። ከ`.asd` ፋይሉ ስላረጀ አላስፈለገንም፣ ነገር ግን ያ ባይገኝ ኖሮ ሌሊቱን የሚያድነው ይህ ነበር።

ማውጫው ጨርሶ ባይነሳ `PhotoRec` የሚባለው ስም ሳይፈልግ የፋይሉን አጀማመር እያየ ያወጣል። ያኔ ሁሉም ቁጥር ብቻ ተሰይሞ ስለሚመጣ እየከፈቱ መለየት ነው። የወጣው docx ተበላሽቷል ካለሽም አትጣዪው፤ docx በውስጡ ዚፕ ስለሆነ በ7-Zip ከፍተሽ `word` ፎልደር ውስጥ ያለችውን `document.xml` ማውጣት ከተቻለ፣ ቅርጹና ሥዕሉ ቢቀርም ጽሑፉ ይገኛል።

ልጁ እኩለ ሌሊት አካባቢ ሁሉንም ይዞ ሄደ፣ የቀሩትን አንቀጾች እንደገና ጻፈ፣ ጠዋት አሳትሞ አስረከበ። እንዲህ የሆነው ግን መቆጣጠሪያዋ ስላልሞተች ነው። No Media ብትል ኖሮ የሚቀረው ሜሞሪ ቺፑን ከሰሌዳው ነቅሎ በልዩ መሣሪያ ማንበብ ነው። ያ በአንድ ሌሊት የሚሆን ሥራ አይደለም፣ ዋጋውም የተማሪ አይደለም። እንዲያ ከሆነ ለአማካሪሽ በኢሜይል የላክሽውን፣ ለጓደኛ በቴሌግራም ያጋራሽውን፣ ረቂቁን ያሳተምሽበትን ፎቶ ኮፒ ቤት ዴስክቶፕ ዞረሽ ጠይቂ። ፎቶ ኮፒ ቤቶች የደንበኛን ፋይል ዴስክቶፕ ላይ ገልብጠው ሳያጠፉት ይቆያሉ፤ ለምስጢር መጥፎ ነው፣ ለእንዲህ ያለ ቀን ግን ደህና ነው። የትምህርት ክፍሉንም ሰዓቱ ሳያልፍ አናግሪ፣ ያገኘሽውን ያህል ይዘሽ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። የልጁን ፎልደር ስናይ `thesis_final`፣ `thesis_final2`፣ `thesis_final_last` እያለ ተደርድሯል። እሱ ኮፒ ያለው ይመስለው ነበር፣ ሁሉም ግን ያሉት አንድ ፍላሽ ላይ ነው። አንድ የመብራት መቋረጥ፣ አንድ የኪስ ሌባ፣ ፋይሎችን ደብቆ ሾርትከት የሚያስቀምጥ አንድ ቫይረስ በአንዴ የሚያጠፋቸው ፋይሎች ቁጥራቸው ስንት ቢሆን ባክአፕ አይደሉም። አንዱን የሚያጠፋው ነገር ሌላውን ካልነካው ነው ባክአፕ የሚባለው።

ላፕቶፕ ከሌለሽ እንዲህ ብትሠሪ ይበቃል። ኮምፒውተሩ ላይ ስትቀመጪ ፋይሉን ከፍላሹ ወደ ዴስክቶፕ ገልብጪና ዴስክቶፑ ላይ ያለውን ክፈቺ። ስትጽፊ ፍላሹ መሰካት የለበትም፤ ያልተሰካ ፍላሽን መብራት አያበላሸውም። ስትጨርሺ ወርድን ዝጊ፣ ፋይሉን በቀኑ ሰይመሽ `thesis_2018-03-12.docx` በሚል ዓይነት ወደ ፍላሹ ገልብጪ፣ የቀደመውን ደርበሽ አትተኪ፣ Eject ብለሽ ንቀዪ። ዓመቱ ከፊት ሲሆን ፋይሎቹ በራሳቸው በቅደም ተከተል ይሰለፋሉ፤ final የሚለው ቃል ግን የትኛው እንደሚቀድም አይነግርሽም።

ከመነሳትሽ በፊት ያንኑ ፋይል በቴሌግራም ወደ Saved Messages ላኪው። ሥዕል ያልበዛበት ቴሲስ ጥቂት ሜጋ ነው፣ ዳታ አይበላም። እያንዳንዱ የላክሽው ለብቻው ስለሚቆይ ያለፈው ሳምንት ቅጂ ካስፈለገሽ ወደ ላይ መሳብ ብቻ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ፋይሉ ሳይሆን ሳናውቅ ሰርዘን ሴቭ ያደረግነው አንድ ምዕራፍ ነው። የቴሌግራም ችግር ሁሉም ነገር በስልክ ቁጥርሽ ላይ መንጠልጠሉ ነው፤ Two-Step Verification ክፈቺ፣ በሳምንት አንዴም ለራስሽ ኢሜይል ላኪ። ጂሜይል እስከ 25 ሜጋ ያያይዛል። ላይብረሪ ኮምፒውተር ላይ ቴሌግራምም ኢሜይልም ከከፈትሽ Log out ሳትዪ አትነሺ፣ ዴስክቶፑ ላይ ያለውንም አጥፊ።

ሦስተኛው ቅጂ እህትሽ ቤት ይሁን። በሳምንት አንድ ቀን ከቴሌግራሙ አውርደሽ እዚያ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጪ፣ ስታስቀምጪም ክፈቺውና እስከ መጨረሻው ገጽ ውረጂ፣ ሰንጠረዦቹን እዪ። ይህ ፍተሻም ጭምር ነው፤ ተልኳል ብለሽ ያመንሽው ፋይል ግማሽ ሆኖ የወጣ እንደሆነ የምታውቂው በዚህ ብቻ ነው። ከቴሲሱ ጋር `.sav` ፋይልሽን፣ የተቃኙ መጠይቆችን፣ የማጣቀሻ ፋይልሽን አብረሽ ላኪ። ጽሑፍ በእንባም ቢሆን እንደገና ይጻፋል፣ ከሰዎች የሰበሰብሽው መልስ ግን እንደገና አይሰበሰብም።

እህትሽ ቤት ባለው ወርድ ላይ File፣ Options፣ Save ብለሽ AutoRecover የሚለውን ከ10 ወደ 2 ደቂቃ አውርጂው። ላይብረሪው ላይ ግን በዚህ አትተማመኚ፤ አንዳንድ የጋራ ኮምፒውተሮች እንደገና ሲነሱ ሁሉን ጠርገው ወደ ድሮው እንዲመለሱ ተደርገው የተሰናዱ ናቸው፣ መብራት ከሄደ `.asd` ፋይሉም አብሮ ይሄዳል። እዚያ ስትሠሪ ጥቂት ገጽ በጨረስሽ ቁጥር ወደ ቴሌግራም መላክ ነው ያለው አማራጭ።

ለማሳተም ስትሄጂም ፍላሹን አትስጪ፣ ፒዲኤፍ አድርገሽ በቴሌግራም ላኪላቸው። የገጹ አቀማመጥ አይናድም፣ የአማርኛ ፎንቱም ወደ ሳጥን አይቀየርም፣ ከእነሱ ኮምፒውተር ወደ ፍላሽሽ የሚሻገር ቫይረስም አይኖርም። የልጁን ፍላሽ በተመለከተ፣ ፎርማት ሲደረግ እንደገና ሠርቷል፤ እኔ ግን እንዲህ አንዴ የከዳ ፍላሽ ላይ ከዘፈን በቀር ነገር እንዳይጭን ነግሬዋለሁ። አንቺም ካስረከብሽ በኋላ ቅጂዎቹን አታጥፊ፤ ዲፌንስ ላይ ፈታኞች ሰንጠረዡን ከዋናው መረጃ ጋር ሊያመሳክሩ ይችላሉ፣ ከዲፌንስ በኋላም እርማት ይሰጥና የታረመው እንደገና ይገባል። ያ እስኪያልቅ `.sav` ፋይሉ ሦስቱም ቦታ ይቆይ።